የመሥሪያ ቤቱን ዜና መጽሔት ማን ያነበዋል?

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የወሩ ዜና መጽሔት የሚዘጋጀው ከየክፍሉ ጽሑፍ በመለመን ነው። ሕዝብ ግንኙነቱ «ለዚህ ወር ዕትም የሚሆን ዜና ላኩልን» ብሎ ለክፍል ኃላፊዎች ይጽፋል። የመጣው ሁሉ በመጣበት ተራ፣ አለዚያም በላኪው ሥልጣን ልክ ይደረደርና ከላይ የዋና ሥራ አስኪያጁ መልእክት ከነፎቶው ተቀምጦ ለሠራተኛው በኢሜይል ይላካል። በሳምንቱ የሰው ሀብት ክፍል «በዜና መጽሔቱ አሳውቀን ነበር እኮ» ይላል፤ ሠራተኛው ደግሞ «እኔ አላየሁም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሠራተኛው ያላየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የድረ ገጽ አጠቃቀምን በማጥናት የሚታወቀው ያኮብ ኒልሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. በኢሜይል የሚላኩ ዜና መጽሔቶች እንዴት እንደሚነበቡ የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ አጥንቶ ነበር። አንባቢዎቹ አንድን ዜና መጽሔት ከከፈቱ በኋላ የሰጡት ጊዜ በአማካይ 51 ሰኮንድ ነው። ከመቶው 67ቱ ደግሞ በመግቢያው አንቀጽ ላይ ዓይናቸውን ጨርሶ አላሳረፉም። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚደከምበት፣ ሦስት ሰው የሚያርመውና የበላይ ኃላፊ የሚያጸድቀው ግን ያው መግቢያ ነው።

እንግዲህ አንድ ዕትም ወስደን እንሥራበት። ድርጅቱ ለምሳሌ ያህል የታሰበ ነው፤ ስድስት መቶ ሠራተኞች ያሉት አዲስ አበባ የሚገኝ አከፋፋይ እንበለው። የመስከረም ዕትሙ ዘጠኝ ጉዳዮች ይዟል፦ የሥራ አስኪያጁ የአዲስ ዓመት መልእክት፣ የሐዋሳ ቅርንጫፍ መከፈት፣ የክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር፣ የአንድ ሥልጠና ሪፖርት፣ የኀዘን መግለጫ፣ የቤተሰብ የሕክምና ኢንሹራንስ ምዝገባ፣ የመኪና ማቆሚያ ለውጥ፣ የአዲስ መታወቂያ ቅጽ፣ በጡረታ የተሰናበቱ ባልደረቦች። በመካከላቸው ሰባት ሊንኮች ተበትነዋል። የኢሜይሉ ርዕስ «የመስከረም ወር ዜና መጽሔት» ይላል።

ስድስተኛው ላይ የተቀመጠውን የኢንሹራንስ ጉዳይ እንየው። ርዕሱ «የሰው ሀብት ክፍል ማስታወቂያ» ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይጀምራል፦ «ድርጅታችን ለሠራተኞቹ ጥቅማ ጥቅም ከሚሰጠው ከፍተኛ ትኩረት የተነሳ ከአዲሱ የበጀት ዓመት ጀምሮ ከሌላ የኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ውል የተዋዋለ መሆኑን እየገለጽን…»። የምዝገባው ማብቂያ ቀን አምስተኛው መስመር ላይ ነው። ካልተመዘገቡ ምን እንደሚከተል ደግሞ የትም አልተጻፈም።

አዘጋጁ እዚህ ላይ ቋንቋ ማቃናት ቢጀምር ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ይህን ዕትም ያነበበ ሰው ስልኩን ከማስቀመጡ በፊት ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው? ከዘጠኙ ውስጥ ቀን የተቆረጠላቸው፣ የሠራተኛውን እጅ የሚጠይቁና ካልተደረጉ ጉዳት የሚያመጡ ጉዳዮች ተለይተው ይወጣሉ። ቅርንጫፉ መከፈቱን ማወቅ ደስ ይላል እንጂ የሚደረግ ነገር የለውም። መታወቂያው ቅጽ አለው፤ ግን ለኅዳር ቢቆይ ማንም አይጎዳም። ኢንሹራንሱ ግን መስከረም 30 ካለፈ የሠራተኛው ባለቤትና ልጆች ዓመቱን ሙሉ ያለ ሽፋን ይቀራሉ። ስለዚህ ሊንኩ የምዝገባው ሊንክ ነው። ዋናው ዜናም ከዚያው ይወጣል፤ ሊንኩን መጫን ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ጽሑፍ ዋና ዜና ይሆናል ማለት ነው። ብዙ አዘጋጆች ከዜናው ተነስተው መጨረሻ ላይ ሊንክ ይለጥፋሉ። ከሊንኩ ተነስቶ ወደ ዜናው መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ታርሞ የወጣው ዕትም የኢሜይል ርዕስ ይህ ነው፦

የቤተሰብ ሕክምና ኢንሹራንስ፦ እስከ መስከረም 30 ይመዝገቡ

ዋናው ዜና ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦

«ባለቤትዎና ልጆችዎ በአዲሱ የሕክምና ኢንሹራንስ እንዲታቀፉ እስከ መስከረም 30፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ያስመዝግቡ። ኢንሹራንስ ኩባንያው ስለተቀየረ አምና የተመዘገቡም እንደገና መመዝገብ አለባቸው። ያልተመዘገበ ቤተሰብ እስከሚቀጥለው የውል እድሳት ድረስ አይታከምበትም። የጋብቻና የልጆች የልደት ሰርተፊኬት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። ሰርተፊኬት የሌለው ሠራተኛ ቀኑ ሳያልፍ ሰው ሀብት ክፍል ቀርቦ ያነጋግር።»

ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ፤ «ቤተሰቤን አስመዝግብ» ይላል። «እዚህ ይጫኑ» ቢባል ኖሮ ጽሑፉን ዘሎ ቁልፉን ብቻ ያየ ሰው ምን እንደሚጫን አያውቅም ነበር። ይኸው ሊንክ ገጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ቢደገም ችግር የለውም፤ ወደ አንድ ቦታ የሚወስድ እስከሆነ ድረስ አንድ ሊንክ ነው። ሰዓቱን «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብሎ መጻፍም ትንሽ ነገር አይደለም። «11:00» ብቻ ከተጻፈ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥርለት ሠራተኛ ጠዋት 5 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል።

ከዋናው ዜና በታች አራት አጫጭር ጉዳዮች ይከተላሉ፦ ሐዋሳ፣ መኪና ማቆሚያ፣ እግር ኳስ፣ ጡረታ። እያንዳንዳቸው ደማቅ ርዕስና ቢበዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር አላቸው፤ ሊንክ የላቸውም። ተጨማሪ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማንን እንደሚጠይቅና በስንት የውስጥ መስመር እንደሚደውል መጻፍ ይበቃል።

ርዕሶቹ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ በዓይን ቃኝቶ ለሚያልፍ አንባቢ ዜናው እነሱ ናቸውና። በስልክ የሚያነብ ሰው የየርዕሱን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃል አይቶ ይወርዳል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በዋናው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ቦታ ተቀየረ» የሚለውን ርዕስ ግማሹን ያነበበ ሰው ስለ መኪና መሆኑን እንኳ አላወቀም። «መኪና ማቆሚያ፦ ከሰኞ ጀምሮ በጀርባ በር» ቢባል የመጀመሪያው ቃል ጉዳዩን ይነግረዋል፤ መኪና የሌለው ያልፈዋል፣ ያለው ይቆማል። «የቴክኒክ ክፍል ዜና» ወይም «ልዩ ልዩ» የሚሉ ርዕሶች ግን ለአዘጋጁ ፋይል እንጂ ለአንባቢ የተጻፉ አይደሉም። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው ርዕስን ከጽሑፍ የሚለየው ድምቀትና ባዶ ቦታ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግማሹ ዓረፍተ ነገር ከደመቀ ርዕሱ ተዋጠ ማለት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ርዕሶቹን ብቻ ለይቶ በተከታታይ ማንበብ። የወሩን ጉዳይ ካልነገሩን ገና አልታረሙም።

ከዘጠኙ የቀሩትስ? መታወቂያው ሁለተኛ ሊንክ ስለሚጠይቅ ለሚቀጥለው ዕትም ተላለፈ፤ አጣዳፊ ቢሆን ኖሮ በሌላ ቀን ለብቻው አጭር ኢሜይል ይወጣለት ነበር። የሥልጠናው ሪፖርት የሚመለከተው ለሠለጠኑት ክፍሎች ስለሆነ ወደ እነሱ ተመለሰ። የኀዘን መግለጫው በዕለቱ ለብቻው መውጣት ነበረበት። ወር ጠብቆ ከእግር ኳሱ ውጤት ጎን ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ከባዱ የሥራ አስኪያጁ መልእክት ነው። ከላይ የነበረን አለቃ ማውረድ ይሉኝታ አለው፤ አዘጋጁም ደመወዝተኛ ነው። የሚያዋጣው ሥራ አስኪያጁን ከዋናው ዜና ውስጥ ማስገባት ይመስለኛል። የአንድ ገጹን የመልካም ምኞት መግለጫ ትተው ኢንሹራንሱ ለምን እንደተቀየረ በራሳቸው አንደበት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰጡ ስማቸውና ፎቶአቸው ሠራተኛው በእርግጥ የሚያነበው ቦታ ላይ ያርፋል። የክፍል ኃላፊዎችን በተመለከተ ደግሞ ክርክሩ ጽሑፍ ከመጣ በኋላ ከሆነ አዘጋጁ ይሸነፋል። የዓመቱ ዕትሞች ዋና ዜና ለየትኛው ጉዳይ እንደተያዘ አስቀድሞ በአስተዳደር ስብሰባ ቢጸድቅ ግን «የእናንተ ጥር ላይ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል።

አንድ ቴክኒካዊ ጣጣ ደግሞ አለ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ የሚበልጥን መልእክት ይቆርጥና የተረፈውን ለማየት ሌላ ሊንክ እንድንጫን ያደርገናል። እዚህ የሚቆጠረው ጽሑፉና ከጀርባው ያለው ኮድ ነው። አንድ የላቲን ፊደል በተለመደው አጻጻፍ አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል፤ ከወርድ ተገልብጦ የተለጠፈ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ የማይታይ ኮድ ይዞ ይመጣል። ረጅም የአማርኛ ዕትም ከታች የተቀመጠውን ሊንኩን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከመላኩ በፊት ለራስ ልኮ በስልክ እስከ መጨረሻው ማውረድ ነው።

ዕትሙ ከወጣ በኋላ «ስንት ሰው ከፈተው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅምም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ የኢሜይል ምስሎችን ሰውየው ሳያየውም አስቀድሞ ስለሚጭን፣ የ«ተከፈተ» ቁጥር ሰው ያላነበበውንም እንደተነበበ ይቆጥራል። አንድ ሊንክ ብቻ ሲኖር ግን ሁለት የሚታመኑ ቁጥሮች ይገኛሉ፦ ስንቱ ተጫነ፣ ስንቱ ተመዘገበ። ብዙ ሰው ተጭኖ ጥቂት ከተመዘገበ ችግሩ ያለው ዜና መጽሔቱ ላይ ሳይሆን ቅጹ ላይ ነው፤ ምናልባት ሰርተፊኬቱን መጫን አስቸግሮ ይሆናል። የተጫነው ራሱ ጥቂት ከሆነ ርዕሱንና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ማየት ነው። ሰባት ሊንክ ባለበት ዕትም ይህን መለየት አይቻልም።

ኢሜይል የማይከፍቱ የመጋዘን ሠራተኞችና ሾፌሮች ካሉ ያው አንድ ገጽ ታትሞ ሰዓት ፊርማ አጠገብ ይለጠፍ፤ በሊንኩ ቦታ የሚመዘገቡበት የቢሮ ቁጥር ይጻፍ። መስከረም 25 ላይ ደግሞ ያልተመዘገቡት ዝርዝር ይውጣና ማስታወሻው ለእነሱ ብቻ ይላክ። የተመዘገበውን ሰው ደግሞ ደጋግሞ መነዝነዝ የሚቀጥለውን ዕትም ሳይከፍት እንዲሰርዘው ማስተማር ነው።