ለድርቅ ብላችሁ ወለድ አትጨምሩ፤ ስጋቱን ከገንዘቡ ላይ ቀንሱት

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አልለጠፍኩም፣ ሒሳብ ነው ይዤ የመጣሁት። ሰሞኑን ነገሌ ላይ የእህል መጋዘን ልሥራ አልሥራ የሚል ክርክር በብዙ ቦታ እየሰማሁ ነው፤ ዩኒየንም ነጋዴም ያነሳዋል። የሁሉም አሰላል አንድ ዓይነት ነው፦ "አካባቢው ድርቅ አለበት፣ ስለዚህ የቅናሽ ምጣኔውን ከፍ አድርጉት።" ይቺ ነገር ጥሩ ሥራ ታስጥላለች፣ መጥፎውን ደግሞ ታሳልፋለች። እንዴት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ።

መጋዘኑ ከነዕቃው 6 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ሥራው ከደጋው በቆሎና ስንዴ በምርት ጊዜ ገዝቶ፣ ወደ ፊልቱና ዶሎ በኩል በደረቁ ወራት መሸጥ ነው። ዝናብ ደህና በሆነበት ዓመት ወጪ ሁሉ ተቀንሶ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይገባል። በድርቅ ዓመት ግን 400 ሺህ ብቻ። እዚህ ጋ አንዳንዱ ሰው "በድርቅ እህል ይወደዳል እኮ፣ ነጋዴ ይጠቀማል" ይላል። ቆላውን የሚያውቅ እንዲህ አይልም። የቆላው ሰው እህል የሚገዛው ከብት ሸጦ ነው። ከብቱ ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል፣ ሲሞት ደግሞ ገዢው ራሱ ይጠፋል። የእህሉ ዋጋ ወጥቶ መጋዘኑ ግን ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፤ በዚያ ላይ የእርዳታ እህል ይመጣል።

ድርቁ ከ4 ዓመት 1 ጊዜ ይመጣል ብለን ብንይዝ፣ አማካዩ የዓመት ገቢ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ለ5 ዓመት እንይዘዋለን። ምንም ስጋት የሌለበት ገንዘብ ደግሞ፣ ለምሳሌ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ በዓመት 15 በመቶ ይከፍላል እንበል።

የተለመደው አሰላል 15ቱ ላይ ለድርቅ ሌላ 15 ጨምሮ በ30 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ያመጣዋል። የ5 ዓመቱ ገቢ ዛሬ 5 ሚሊዮን 358 ሺህ ብር ይሆናል። ወጪው 6 ሚሊዮን ስለሆነ 642 ሺህ ብር ኪሳራ ነው፤ መጋዘኑ አይሠራም፣ ስብሰባው ተዘጋ።

አሁን ያ 30 በመቶ በውስጡ ምን እንዳለ እንፍታው። 15ቱ የጊዜ ዋጋ ነው፣ እሱ ላይ ጠብ የለንም። የቀረው ስጋቱን የሚቀንሰው ክፍል ነው። 1.15ን ለ1.30 ስናካፍል 0.88 ይመጣል። ማለት፣ በ1ኛው ዓመት ከሚጠበቀው እያንዳንዱ ብር ላይ ለስጋት 12 ሳንቲም ቆርጠን 88 ሳንቲም አስቀርተናል። በ2ኛው ዓመት ያው ቁጥር በራሱ ይባዛና 78 ሳንቲም ይሆናል። 5ኛው ዓመት ላይ ስንደርስ የቀረው 54 ሳንቲም ነው። ለስጋት ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው ማለት ነው!

እስቲ ጠይቁ፦ የ5ኛው ዓመት ዝናብ የመጥፋት ዕድሉ ከ1ኛው ዓመት ዝናብ በምን ይበልጣል? ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይበልጥም። ገናም ሐገያም (ገና ስል በዓሉን ሳይሆን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ዋናውን ዝናብ ነው) በየዓመቱ ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል። ወለድ ቀን ቆጥሮ ይባዛል፤ የዝናብ ስጋት ግን እንደዚያ አይባዛም። ወለዱን የጨመረው ሰው ሳያውቀው "ስጋቱ በየዓመቱ በእኩል ፍጥነት እየከበደ ይሄዳል" ብሎ ፈርሟል።

ይህን ሮቢቼክና ማየርስ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ1966 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። መፍትሔውም ጊዜንና ስጋትን ለየብቻ ማስላት ነው። ስጋቱን ከገንዘቡ ላይ እዚያው በየዓመቱ እንቀንሳለን፣ ከዚያ የቀረውን ስጋት በሌለበት ወለድ ብቻ ወደ ዛሬ እናመጣለን። ከስጋት ተጣርቶ የቀረው ገንዘብ እርግጠኛ አቻ ይባላል።

እርግጠኛ አቻውን እንዴት እናገኘዋለን? በጥያቄ ነው። አንድ ታማኝ ተከራይ መጥቶ "መጋዘኑን ለ5 ዓመት ልያዘው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም በየዓመቱ ቁርጥ ገንዘብ ልክፈላችሁ" ቢላችሁ በስንት ትስማማላችሁ? በ2 ሚሊዮን 100 ሺህ ሁሉም ወዲያው እጁን ያወጣል። በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ደግሞ "ይቅርብን፣ ራሳችን እንሥራው" ይባላል። ከላይም ከታችም እየጠበባችሁ ስትመጡ "ይሄ ከሆነስ ለእኔ ሁለቱም ያው ነው" የምትሉበት ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። 1 ሚሊዮን 870 ሺህ ላይ ቆማችሁ እንበል። ይህ ለአማካዩ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ሲካፈል 0.85 ነው፤ ከ1 ብር ላይ ለስጋት 15 ሳንቲም ቀነሳችሁ ማለት ነው፣ ለ5ቱም ዓመት በእኩል።

1 ሚሊዮን 870 ሺህን ለ5 ዓመት በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ስናመጣው 6 ሚሊዮን 269 ሺህ ብር ይሆናል። 269 ሺህ ትርፍ አለው፣ መጋዘኑ ይሠራል። ያው መጋዘን ነው፣ ያው ድርቅ ነው።

"0.85ቱን ከኪስህ አመጣኸው" የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው፤ የ30 በመቶው 15ም ከሰው ኪስ የመጣ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ሊከራከሩበት የሚቻል መሆኑ ነው። ወደ ኋላ ብታሰሉት ሥራው ትርፍም ኪሳራም የማይኖረው 0.81 ላይ ነው፤ በብር 1 ሚሊዮን 790 ሺህ ገደማ። ስለዚህ ለቦርዱ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዓመት 1 ሚሊዮን 790 ሺህ ቁርጥ ገንዘብ ብንሰጣችሁ መጋዘኑን ራሳችሁ ከመሥራት ትመርጡታላችሁ? "አዎ" ካሉ ይቅር፣ "አይ፣ ያንስብናል" ካሉ ይሠራ። ይህን የገበሬ አባል ሁሉ ይመልሰዋል። "30 ይሻላል ወይስ 25?" ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ምን ብሎ ይመልስላችኋል?

በነገራችን ላይ ወደ 0.80 የሚወርዱ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ 5 የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ጠፍተዋል። ድርቅ ከድርቅ ጋር ከተያያዘ የአንዱን ዓመት ጉድለት በሌላው መሙላት አይቻልም፣ በተለይ የባንክ ብድር ያለበት። ያኔ ምጣኔውን ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ምክንያቱ ተነግሮ፣ በገንዘቡ ላይ ይቀነስ። አንድ አይሱዙ ያለው ነጋዴና ብዙ ሺህ አባል ያለው ዩኒየንም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው አይገባም።

ብዙዎቻችሁን የሚነካው ግን አጭሩ ንግድ ነው። ወለድ ጨማሪው እዚህ ጋ በተቃራኒው ይሳሳታል። ቦለቄ በ3 ወር ዱቤ ሰጥታችሁ ለመሰብሰብ ስታስቡ በዓመት 15 በመቶ ለስጋት ብትጨምሩ፣ በ3 ወር ውስጥ ከ1 ብር ላይ የምትቆርጡት 3 ሳንቲም ብቻ ነው። ከ10 ገዢ አንዱ ቢጠፋባችሁ ግን በአማካይ ብቻ 10 ሳንቲም ሄደ። ረጅሙን ሥራ በ5ኛው ዓመት 46 ሳንቲም የሚቀጣ ሒሳብ፣ አጭሩንና አደገኛውን በ3 ሳንቲም ያሳልፈዋል። ሰው መጋዘን ፈርቶ ዱቤ የሚደፍረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ወጪ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። የመጋዘኑ ማበጠሪያ ማሽን በ5ኛው ዓመት መለዋወጫ ይፈልጋል፣ በአማካይ 1 ሚሊዮን ብር እንበል። ዕቃው በዶላር ነው። ዶላር ሐምሌ 2016 ላይ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 እንዳለፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ስለዚህ ወጪው በጣም ስጋት ያለበት ነው። ይህን በ15 በመቶ ብታሰሉት ዛሬ 497 ሺህ ነው። "ስጋት አለው" ብላችሁ 30 ስታደርጉት 269 ሺህ ይሆናል። ስጋቱ በጨመረ ቁጥር ወጪው አነሰ! በእርግጠኛ አቻ ግን ጥያቄው "ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ስንት ቁርጥ ትከፍላላችሁ?" ነው። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ካላችሁ፣ በ15 በመቶ ዛሬ 597 ሺህ ይሆናል። ለገቢ ምጣኔው ከ1 በታች፣ ለወጪ ከ1 በላይ ነው።

ለቡና ላኪዎች አንድ ነገር ልጨምር። የኒውዮርክ ዋጋ እንደ ዝናብ አይደለም። የካቲት 2017 ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሲሸጥ እንዳያችሁት፣ ዋጋው ካለበት ተነስቶ ይሄዳል እንጂ በየዓመቱ ከመጀመሪያው አይጀምርም። እንዲህ ያለው ስጋት በርግጥ ከጊዜ ጋር ይሰፋል፤ ምጣኔውም 0.92፣ 0.86፣ 0.81 እያለ ቢወርድ ያስኬዳል። ሆኖም የሚቀጥለው ዓመት የኒውዮርክ የውል ዋጋ ራሱ እርግጠኛ አቻ ነው፤ ዛሬ ተስማምተህ ቆርጠህ የምትይዘው ዋጋ ስለሆነ ገበያው ስጋቱን ቀንሶ ጨርሷል። ያንን ዋጋ ወስዶ እንደገና በ30 በመቶ የሚቀንስ ላኪ አንዱን ስጋት ሁለት ጊዜ ከፈለ። የቀረው የእናንተ ስጋት የጉጂ ቡናችሁ ከኒውዮርክ በላይ ወይም በታች የሚሸጥበት ልዩነትና የገዢው ታማኝነት ነው፤ ለሁለቱ የተወሰነ ሳንቲም ቀንሱና፣ የቀረው በዶላር ስለሆነ ስጋት በሌለበት የዶላር ወለድ ወደ ዛሬ አምጡት። የብሩን 15 በመቶ ለዶላር አትጠቀሙ።

ሌላ የማየው ነገር፦ 30 በመቶ የሚሉት ብዙዎቹ አማካዩን አላሰሉም። የደህናውን ዓመት 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ለ5ቱም ዓመት ይጽፉና፣ የረሱትን ድርቅ በወለዱ ሊያካክሱት ይሞክራሉ። በዚህ ምሳሌ ያንን በ30 በመቶ ብታሰሉት 6 ሚሊዮን 820 ሺህ ይመጣል፤ ከትክክለኛው በ551 ሺህ ብር ይበልጣል። ወረቀት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የድርቁ ዓመት ገቢ ለብቻው ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ፤ ከሌለ ወለዱን ሳታዩ መልሱት።

የሥራችሁን ቁጥር የላካችሁልኝን አብረን እናሰላለን። የቅዳሜ ገበያ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል።