ያልተበረዘ የላቬንደርና የሻይ ዛፍ ዘይት የሚያስከትሉት የቆዳ አለርጂ

ያልተበረዘ የላቬንደር ወይም የሻይ ዛፍ ዘይት በተደጋጋሚ ቆዳ ላይ ሲቀባ ሴንሲታይዜሽን የሚባል ለውጥ ሊያስከትል ይችላል። ሴንሲታይዜሽን ማለት የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ቀደም ሲል ዝም ብሎ ያሳለፈውን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩ ቆዳን በነካ ቁጥር ብግነት የሚያስነሳበት ሁኔታ ነው። ለውጡ በሚካሄድበት ጊዜ በቆዳው ላይ የሚታይ ነገር የለም። በመሆኑም አንድ ሰው ዘይቱን ለሳምንታት ወይም ለወራት ያለ ችግር መቀባቱ ዘይቱ ለእርሱ እንደሚስማማው ማረጋገጫ አይሆንም።

ዘይቶቹ

የላቬንደር ዘይት ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ከተባለው ተክል አበባ በእንፋሎት ተጣርቶ ይወጣል። ከይዘቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሊናሉል እና ሊናሊል አሲቴት የተባሉ ውህዶች ናቸው። ሊናሉል በብዙ ተክሎች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ለድንብላል ፍሬ ሽታውን ከሚሰጡት ውህዶች ዋነኛው ነው።

የሻይ ዛፍ ዘይት ደግሞ የሚወጣው በአውስትራሊያ ከሚበቅለው ሜላሌውካ አልተርኒፎሊያ ከተባለ ዛፍ ቅጠል ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ዛፉ ከሚጠጣው ሻይ ተክል ጋር ዝምድና የለውም። ዋነኛ ውህዱ ተርፒነን-4-ኦል ሲሆን አልፋ ተርፒኒን፣ ጋማ ተርፒኒን እና ተርፒኖሊን የተባሉም አሉበት። እንደሚታየው ከዘይቱ ለአለርጂ የሚዳርጉት ክፍሎች የሚመነጩት በአብዛኛው ከእነዚህ ከኋለኞቹ ነው።

ሁለቱም ዘይቶች እንደ ወይራ ወይም እንደ ኑግ ዘይት ቅባት አይደሉም። በቀላሉ የሚተኑ የትናንሽ ሞለኪዩሎች ክምችት ናቸው። የጤናማ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ትልልቅ ሞለኪዩሎችን የሚያግድ ቢሆንም፣ እንደ ሊናሉል ያሉ ትናንሽና ከስብ ጋር የሚስማሙ ሞለኪዩሎች አልፈው መግባት ይችላሉ።

ሴንሲታይዜሽን እንዴት ይከሰታል?

ወደ ቆዳ የገባ ትንሽ ሞለኪዩል ብቻውን በመከላከያ ሥርዓቱ አይታይም፤ ለመታየት እጅግ ያንሳል። ሞለኪዩሉ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር አጥብቆ ከተጣመረ ግን ፕሮቲኑ መልኩ ይቀየራል፤ ሰውነትም የራሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ያየዋል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ትንሽ ሞለኪዩል ሃፕተን ይባላል።

በቆዳ ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚያገለግሉ ሕዋሳት የተቀየረውን ፕሮቲን አንስተው በአቅራቢያው ወዳለ የሊምፍ ዕጢ ይወስዱታል። እዚያም ለቲ ሕዋሳት ያሳዩታል። ከቲ ሕዋሳት መካከል ያንን ቅርጽ የሚለዩት ተባዝተው በደምና በቆዳ ውስጥ ይሠራጫሉ፤ የተወሰኑትም ትውስታውን ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወስድ ሲሆን ሰውየው ምንም አይሰማውም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ንጥረ ነገሩ እንደገና ቆዳን ሲነካ ነው። ትውስታውን የያዙት ቲ ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይሰበሰቡና ብግነት ያስነሳሉ። ይህ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ አለርጂ የተባለውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰውነትን ለማስነሳት ብዙ ንጥረ ነገር ያስፈልግ ነበር። አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ብግነቱን ለመቀስቀስ ጥቂት ይበቃል።

አየር ያረጀው ዘይት

አዲስ የተጣራ ንጹሕ ሊናሉል ከፕሮቲን ጋር የመጣመር ችሎታው ደካማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ብልቃጡ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ኦክስጅን ከሊናሉልና ከሊናሊል አሲቴት ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮፐርኦክሳይድ የተባሉ ውህዶችን ይፈጥራል። እነዚህ ከፕሮቲን ጋር በቀላሉ ስለሚጣመሩ ከመነሻው ንጥረ ነገር ይልቅ እጅግ የበረቱ አለርጂ አስነሺዎች ናቸው። በስዊድን ጎተንበርግ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በላቬንደር ዘይት ውስጥ ያሉት ሌሎች ውህዶች ሊናሉልን ከዚህ ለውጥ አይከላከሉትም። «ሙሉው የተፈጥሮ ዘይት ራሱን ይጠብቃል» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ረገድ ትክክል አልሆነም።

በሻይ ዛፍ ዘይትም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ዘይቱ ለብርሃን፣ ለሙቀትና ለአየር ሲጋለጥ እነ አልፋ ተርፒኒን ይበሰብሳሉ፤ በምትካቸውም ፓራ ሳይሚን፣ አስካሪዶል እና የተለያዩ ፐርኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። በዚህ የተነሳ ያረጀ የሻይ ዛፍ ዘይት ከአዲሱ ይልቅ ለአለርጂ የሚዳርግ ነው። ለውጡ በሽታ ወይም በመልክ ላይታወቅ ይችላል።

አለመበረዙ ለምን ለውጥ ያመጣል?

ለሴንሲታይዜሽን ወሳኙ ነገር በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ የሚያርፈው የንጥረ ነገር መጠን ነው። አንድ ጠብታ ዘይት በግምት 0.05 ሚሊ ሊትር ሲሆን ወደ 45 ሚሊ ግራም ይመዝናል። ይህ ጠብታ ሳይበረዝ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቆዳ ላይ ቢቀባ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 9 ሚሊ ግራም ያርፋል። ዘይቱ በሌላ ቅባት ተበርዞ 2 በመቶ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ በዚያው ስፋት ላይ አንድ ጠብታ ቢቀባ ግን የሚያርፈው 0.18 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ ማለትም 50 ጊዜ ያነሰ።

ያልተበረዘ ዘይት ሌላም ጉዳት አለው። ጥቅጥቅ ብሎ ሲቀባ ቆዳውን በቀጥታ ሊያስቆጣ ይችላል። የተቆጣ ቆዳ አጥሩ የላላ በመሆኑ ብዙ ንጥረ ነገር ያስገባል፤ ዘበኛ ሕዋሳቱም አስቀድመው ንቁ ይሆናሉ። ሰዎች እነዚህን ዘይቶች የሚቀቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በብጉር፣ በቃጠሎ፣ በነፍሳት ንክሻ ወይም በተሰነጠቀ እግር ላይ፣ ማለትም አጥሩ አስቀድሞ በተጎዳበት ቦታ ነው።

የተለመደው አካሄድ በምሳሌ

አንዲት ወጣት ለፊቷ ብጉር 10 ሚሊ ሊትር የሻይ ዛፍ ዘይት ገዝታ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጠብታ ጉንጯ ላይ ትቀባለች እንበል። በቀን 4 ጠብታ 0.2 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ብልቃጡ 50 ቀን ያህል ይበቃታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጠነኛ ማቃጠል በስተቀር ምንም የለም፤ ብጉሩም የቀነሰ ይመስላል። በ35ኛው ቀን ከብልቃጡ 7 ሚሊ ሊትር ወጥቷል፤ የወጣውን ቦታ አየር ይዞታል። ብልቃጡ በመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ስለሚቀመጥ ብርሃንና ሙቀት ያገኘዋል። ይህ ማለት በስድስተኛው ሳምንት የምትቀባው ዘይት በመጀመሪያው ቀን ከቀባችው ጋር አንድ አይደለም።

ከዚያ አንድ ቀን ጉንጯን ያሳክካታል፤ በማግስቱ ይቀላል፤ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎችም ይወጣሉ። ብጉሩ የባሰበት መስሏት ዘይቱን ትጨምራለች። ሽፍታው ዘይት ወዳልነካው አንገቷ ይሻገራል፤ ቆዳዋም ማዥት ይጀምራል። ዘይቱን ስትተው በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ከአራት ወር በኋላ ግን ጥቂት የሻይ ዛፍ ዘይት ያለበት የፊት ክሬም ስትቀባ በሁለተኛው ቀን ያው ሽፍታ ይመለሳል። ቆዳው ቢድንም የቲ ሕዋሳቱ ትውስታ አልጠፋም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ነገሩን ያባባሰው ሽፍታውን በዚያው ዘይት ለማከም መሞከሩ ነው። ሽፍታውን «መርዝ እየወጣ ነው» ብሎ መተርጎምም ወደ ተመሳሳይ ስሕተት ይመራል።

ከቀላል መቆጣት በምን ይለያል?

ቀላል መቆጣት የመከላከያ ትውስታ የሌለው ቀጥተኛ ጉዳት ነው። በአብዛኛው ከቀቡ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠሉ ይበዛል፤ ዘይቱ ከነካው ቦታ አያልፍም፤ መጠኑ ሲቀነስም ይቀራል። አለርጂው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል፤ በጣም ያሳክካል፤ ከተቀባው ቦታ ውጭ ሊሠራጭ ይችላል፤ በጥቂት መጠንም ይመለሳል። ሁለቱ አብረው ሊከሰቱ ስለሚችሉ በዓይን ብቻ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም።

ምርመራ

አለርጂው የሚረጋገጠው በቆዳ ሐኪም በሚደረግ የፓች ምርመራ ነው። የዚህን ምርመራ ዘዴ ዮሴፍ ያዳሶን የተባለው የቆዳ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል። የተጠረጠረው ንጥረ ነገር በተወሰነ መጠን በቫዝሊን ተለውሶ በጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣና ቦታው ይታያል። በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ እንደገና ይታያል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ አለርጂ ዘግይቶ ይወጣል።

ለምርመራው የሚመረጠው የዘይቱ ዓይነት ውጤቱን ይወስናል። ትኩስ ሊናሉል ከተለጠፈ አለርጂው ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ከአየር ጋር የተዋሐደ ሊናሉል ወይም ሃይድሮፐርኦክሳይዶቹ ይለጠፋሉ። የሻይ ዛፍ ዘይትም በተመሳሳይ ሁኔታ ያረጀው በ5 በመቶ መጠን ይለጠፋል። ያልተበረዘ ዘይት በቤት ውስጥ ክንድ ላይ ቀብቶ መሞከር ይህንን ምርመራ አይተካም። ምላሹ ቀላል መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ሙከራው ራሱም ሰውነትን ለአለርጂ ሊያነሳሳ ይችላል።

በጃፓን ከ1990 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በላቬንደር ዘይት የተደረጉ የፓች ምርመራዎች ውጤት በ1997 በድንገት ከፍ ብሏል። አጥኚዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት በዚያ ወቅት የደረቀ የላቬንደር አበባን በትራስ፣ በመሳቢያና በቤት ውስጥ ማኖር ፋሽን መሆኑን ነው።

አደጋውን መቀነስ

ዘይቱን ማቅጠን አደጋውን ይቀንሳል። 2 በመቶ ለማድረግ በ30 ሚሊ ሊትር ቅባት ውስጥ 12 ጠብታ (0.6 ሚሊ ሊትር) ይበቃል። እዚህ ላይ ውሃ አያገለግልም፤ ዘይቱ ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ተንሳፎ ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ያርፋል። ብልቃጡን ጥቁር መስታወት ማድረግ፣ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ፣ የቆየውንም መጣል እርጅናውን ያዘገያል ወይም ጉዳቱን ያስቀራል። በተቆጣ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አለመቀባትም እንዲሁ።

ማቅጠን የሚጠቅመው ግን አለርጂው ከመነሳቱ በፊት ነው። አንዴ ለተነሳበት ሰው የተበረዘውም ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መፍትሔው ንጥረ ነገሩን መተው ነው። የላቬንደር አለርጂ ያለበት ሰው ሊናሉልን በሳሙና፣ በሻምፖ፣ በሽቶና በክሬም ውስጥም ያገኘዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቆዳ ላይ በሚቆይ መዋቢያ ውስጥ ሊናሉል ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ ውስጥ ደግሞ ከ0.01 በመቶ ካለፈ ስሙ በማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከዘይቱ ብልቃጥ ይልቅ የሚያስፈልገው የሌሎቹን ዕቃዎች ማሸጊያ ማንበብ ነው።