ርካሹ ጭነት ሲወደድ

አንድ የሞባይል ጨዋታ ሠሪ ለማስታወቂያ 2,000 ዶላር መደበ እንበል። ግማሹን፣ መተግበሪያውን ለሚጭን ሰው ሽልማት በሚሰጥ ማስታወቂያ ላይ አዋለው፤ አንዱ ጭነት በግማሽ ዶላር ሂሳብ 2,000 ሰው አመጣለት። የቀረው ገንዘብ ጨዋታውን በሚያሳይ ቪዲዮ፣ አንዱ ጭነት በ2 ዶላር፣ 500 ሰው ብቻ አስገኘ።

በ30ኛው ቀን ግን ከመጀመሪያዎቹ 40፣ ከሁለተኞቹ 60 ሰዎች አሁንም ይጫወታሉ። አንድ የቆየ ተጫዋች በመጀመሪያው መንገድ 25፣ በሁለተኛው 17 ዶላር ገደማ ፈጅቷል ማለት ነው። ለሽልማት ብሎ የጫነ ሰው ብዙውን ጊዜ ሽልማቱን እንዳገኘ መተግበሪያውን ያጠፋዋል።

በጨዋታው ውስጥ ገንዘብ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቶች ናቸው። አንድ ብርቱ ገዢ የ500 ሰዎችን አማካይ ሊያዛባ ስለሚችል፣ እሱን አውጥቼ ዳግም ሳላሰላ በጀት አላዛውርም።