ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ፖስታ

እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ አገር አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን አዲስ መድኃኒት ያግኝ ወይስ አያግኝ የሚወስነው ሐኪሙ አልነበረም። የሚወስነው የታሸገ ፖስታ ነበር። በፖስታው ላይ የሚነበበው የሆስፒታሉ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኮሚቴው የታማሚውን ማስረጃ መርምሮ ለጥናቱ ከተቀበለው በኋላ፣ ሰውየው ገና ሆስፒታል ሳይገባ ተራው የደረሰው ፖስታ በማዕከላዊው ቢሮ ይከፈታል። በውስጡ ያለው ካርድ «ኤስ» ካለ ታማሚው መድኃኒትም የአልጋ ዕረፍትም ያገኛል፤ «ሲ» ካለ የአልጋ ዕረፍት ብቻ።

ነገሩ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር፤ ከጦርነቱ የወጣችው ብሪታንያ ደግሞ ዶላር አጥሯት ስለነበር ለሁሉም የሚበቃ መግዛት አልቻለችም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ በእርግጥ የሰውን ሕይወት ማትረፉን በወጉ ያረጋገጠ አልነበረም። ስለዚህ ያለችውን ጥቂት መድኃኒት ጥርት ያለ መልስ በሚሰጥ መንገድ ማዋል ተመረጠ። የዕጣውን ሰንጠረዥ ያዘጋጀው የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ሲሆን፣ ውጤቱ በጥቅምት 1948 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ይህን የቆየ ጽሑፍ የማነሣው ኮንሶርት የሚባለውን መመሪያ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው። ኮንሶርት በዕጣ ምደባ የተካሄደ የሕክምና ጥናት ሲታተም ጸሐፊዎቹ የግድ ሊናገሩት የሚገባውን የሚዘረዝር መመሪያ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በ2025 የወጣው የቅርቡ ቅጂ 30 ነጥቦች አሉት። የምንመለከተው ግን አንባቢ ጥናቱን ይመን ወይስ አይመን የሚለውን ከሁሉ በላይ የሚወስኑትን ጥቂቶቹን ነው።

የመጀመሪያው ዕጣው ነው። ብዙ ጥናት «ታካሚዎቹ በዕጣ ተመድበዋል» ብሎ ያልፋል። ኮንሶርት ይህን አይቀበልም። ዕጣውን ማን አወጣው? በምን ዘዴ? ታካሚውን የመዘገበው ሰው የሚቀጥለውን ዕጣ ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ? ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ በቆብ ውስጥ ተናውጦ፣ ሁሉ እያየ ካልወጣ ዕጣ ወጣ አይባልም። ወረቀቶቹ ቢቆጠሩና ቢጻፍባቸውም፣ አንዱ ሰው ጠርዙን አጥፎ ምልክት ካደረገበት ዕጣነቱ ቀርቷል።

ከሂል በፊት የተለመደው ዘዴ ተራ በተራ መመደብ ነበር፤ አንዱን ወደ መድኃኒቱ፣ ቀጣዩን ወደ ሌላው። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ቀጣዩ ሰው መድኃኒት እንደማያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። እጅግ የደከመች ወጣት ከፊቱ ስትቀመጥ «ይህችን ዛሬ አልመዝግባት፣ ነገ ትምጣ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ክፋት የለበትም፤ ርኅራኄ ነው። ውጤቱ ግን በሁለቱ ወገን ያሉት ሰዎች ከመጀመሪያው የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው፤ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ ይምጣ ከምርጫው መለየት አይቻልም። ፖስታም ቢሆን በራሱ ዋስትና አይደለም። ሐኪሞች ፖስታውን ወደ መብራት አንሥተው በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ለማንበብ የሞከሩባቸው አጋጣሚዎች በጽሑፍ ተመዝግበዋል። የሂል ዘዴ ጥንካሬ ፖስታዎቹ ከሐኪሞቹ እጅ ርቀው መቀመጣቸውና የሚከፈቱትም ታካሚው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው።

የዚህን ክብደት በቁጥር ያሳየው ኬኔት ሹልዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር 250 ጥናቶችን ሲመረምር፣ ዕጣውን በወጉ ያልደበቁት ጥናቶች በደንብ ከደበቁት ይልቅ የሕክምናውን ጥቅም በኦድስ ሬሾ ሲለካ 41 በመቶ ያህል አጋንነው አገኛቸው። ስለ አደባበቁ በግልጽ ያልጻፉትም ቢሆኑ 30 በመቶ ያህል አጋንነዋል። አለመጻፍ ራሱ ምልክት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕጣን በየጎራው ከፍሎ ማውጣት ነው፤ በሙያው ቋንቋ ስትራቲፊኬሽን ይሉታል። ዕጣ ብቻውን ሲተው አንዳንዴ ያዳላል። ሳንቲም አሥር ጊዜ የወረወረ ሰው ሰባት ጊዜ ዘውድ ቢያገኝ አይገርምም። በጥናት ላይ ይህ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሴቶቹ አብዛኞቹ በአንድ ወገን ሊከማቹ ይችላሉ። ሂል ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ ሆስፒታል፣ በሆስፒታሉም ውስጥ ለወንዶችና ለሴቶች የተለያየ የዕጣ ዝርዝር አዘጋጀ። የአንዱ ሆስፒታል እንክብካቤ ከሌላው ቢሻል እንኳ ብልጫው ለሁለቱም ወገን እኩል ይደርሳል።

ይህ ግን የሚሠራው በየጎራው ውስጥ ዕጣው በትንንሽ እሽግ ሲወጣ ነው። እሽጉ አራት ፖስታ ቢይዝ ሁለቱ ኤስ፣ ሁለቱ ሲ ይሆኑና ቅደም ተከተላቸው ይበወዛል። አደጋም አለው፤ እሽጉ አራት መሆኑን ያወቀ ሐኪም ሦስቱ ከተከፈቱ አራተኛውን ያለ ጥርጥር ያውቀዋል። የእሽጉ መጠን መለዋወጥ ያለበትና ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስም ለመዝጋቢዎቹ የማይነገረው ለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን መጠኑ መገለጽ አለበት። ጎራ ማብዛትም አይጠቅምም። አሥር ሆስፒታል፣ ሁለት ፆታና ሦስት የዕድሜ ክልል ብንል ስድሳ ጎራ ይወጣል፤ መቶ ያህል ሰው ለስድሳ ጎራ ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም፤ እሽጎቹም ሳይሞሉ ይቀራሉ።

እስካሁን ያልነው ሲጠቃለል በዘዴው ክፍል ውስጥ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የምደባውን ቅደም ተከተል ያዘጋጀው በታካሚዎች ምዝገባ ያልተሳተፈ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። ዝርዝሩ በሆስፒታልና በፆታ ተከፍሎ፣ አራትና ስድስት በሚይዙ እሽጎች ተበውዟል። ታካሚውን ሐኪሙ ከመዘገበ በኋላ ምድቡን ማዕከላዊው ቢሮ በስልክ ያሳውቃል።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ማን፣ በምን፣ መቼ የሚሉት ሁሉ ተመልሰዋል።

ሦስተኛው ምድብን መሰወር፣ ማለትም ብላይንዲንግ ነው። ከዕጣው መደበቅ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ዕጣን መደበቅ ታካሚው ከመመደቡ በፊት ያለውን ይመለከታል፤ ይህኛው ደግሞ ከተመደበ በኋላ ያለውን። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይቻላል፣ ሁለተኛው ግን አንዳንዴ አይቻልም። ስትሬፕቶማይሲን በየስድስት ሰዓቱ ጡንቻ ላይ የሚወጋ፣ ለአራት ወር የሚቆይ ነበር፤ አስሉት፣ ወደ 480 ጊዜ መርፌ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የጨው ውኃ ላልታደለው ወገን መውጋት ለማስመሰል ሲባል ሰውን ማሠቃየት በሆነ ነበር፤ አልተደረገምም። ስለዚህ ሐኪሞቹም ነርሶቹም ማን ምን እንደሚያገኝ ያውቁ ነበር።

ያልተሸነፉበት ቦታ ግን ነበር። የሳንባው ራጅ ተሻሽሏል ወይስ ብሷል የሚለውን የፈረዱት ሁለት የራዲዮሎጂ ባለሙያዎችና አንድ ሐኪም ናቸው። ሦስቱም ለየብቻቸው አነበቡ፤ ራጁ የኤስ ይሁን የሲ አያውቁም ነበር። በፍርዳቸው በተለያዩበት ራጅ ላይ በኋላ ተገናኝተው ተስማሙ። ጽሑፉ ይህን ሁሉ ይናገራል። ኮንሶርት የሚፈልገው ይህን ነው፤ «ድርብ ስውር ጥናት» የሚለውን የተለመደ ማኅተም ሳይሆን፣ ማን እንደማያውቅና እንዴት እንዳላወቀ በስም መጥራት። ሞት ሲቆጠር መሰወሩ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የሞተ ሰው በአንባቢው ስሜት አይነሣም። ራጅ ላይ ያለ ደብዛዛ ጥላ ግን በተስፋ ዓይን ሲታይ የቀነሰ ይመስላል።

ውጤቱ በስድስት ወር ይህ ነበር፦ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ ካላገኙት 52 ሰዎች 14 ሞቱ። በመቶኛ ሲሰላ 7 ለ27 ማለት ነው። ራጃቸው በጣም የተሻሻለው በመጀመሪያው ወገን 28፣ በሁለተኛው 4 ነበሩ።

አሁን አራተኛው ይመጣል፤ የሰዎቹ ጉዞ። ኮንሶርት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሥዕል እንዲቀመጥ ይጠይቃል፦ ስንት ሰው ታየ፣ ስንቱ ቀረና ለምን፣ ስንቱ በዕጣ ተመደበ፣ በየወገኑ ስንቱ ሕክምናውን ጀመረ፣ ስንቱ መሃል ላይ ጠፋ፣ በመጨረሻ ስንቱ ስሌት ውስጥ ገባ። አንባቢ ከላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ሲወርድ በየደረጃው የሚጎድለው ሁሉ መልስ ማግኘት አለበት።

እኛው አገር ከደረሰ ጥናት ልጥቀስ። ስትሪም በተባለው ጥናት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሰዎች በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ተመልምለው፣ ሁለት ለአንድ በሆነ ዕጣ ወደ አጭሩ (ከ9 እስከ 11 ወር) ወይም ወደ ረጅሙ (20 ወር) ሕክምና ተመደቡ። ዕጣው በጥናት ጣቢያና በኤችአይቪ ሁኔታ የተከፈለ ነበር። የተመደቡት 424፣ በዋናው ስሌት የገቡት 383 ናቸው። 41ዱ የት ሄዱ? ጥናቱ መስፈርቱን አስቀምጧል፤ ለምሳሌ መጀመሪያ የተወሰደው አክታ ባክቴሪያ ያላበቀለ ሰው፣ ወይም በኋላ በተደረገ ምርመራ ባክቴሪያው ለሪፋምፒሲን እጅ የሚሰጥ ሆኖ የተገኘ ሰው ከዋናው ስሌት ይወጣል። ሕክምናውን በታዘዘው መሠረት የፈጸሙትን ብቻ የያዘው ሌላው ስሌት ደግሞ 321 ሰው አለው። ጥሩ ውጤት ያገኙት በረጅሙ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ ነበሩ፤ ከሁለቱ ስሌቶች በየትኛውም ቢታይ አጭሩ ከተፈቀደው ወሰን በላይ አላነሰም። ሰው ሲቀነስ መደምደሚያው የሚገለበጥ ከሆነ ግን አንባቢ የተቀነሱትን ሰዎች አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት።

ይህን ይዘን ወደ 1948ቱ ጽሑፍ እንመለስ። 55ና 52 ሲደመር 107 ነው። ጽሑፉ እንደሚለው ግን ተቀባይነት ያገኙት 109 ነበሩ፤ ሁለቱ ሆስፒታል ገብተው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ባለው የአንድ ሳምንት ክትትል ሞቱ፣ ከስሌቱም ወጡ። ፖስታው የሚከፈተው ሰው ከመግባቱ በፊት መሆኑን ካስታወስን፣ የሁለቱ ምድብ ያን ጊዜ ታውቋል። የዛሬ ሥዕል ቢሆን ሁለቱ በየትኛው ክንፍ እንደነበሩ በሳጥን ውስጥ ይጻፍ ነበር። ከሁሉ የከፋውን እንገምት፤ ሁለቱም ኤስ ነበሩ እንበል። ያን ጊዜ ከ57 ሰው 6 ሞቱ ማለት ነው፤ 10.5 በመቶ ይሆናል። በሌላው ወገን ያለው 27 በመቶ አልተነካም።