ከወንጀልነት ማውጣትና ሕጋዊ ማድረግ፦ የተጠቃሚው ቁጥር ምን ያሳያል?

አደንዛዥ ዕፅን በሚመለከቱ ክርክሮች ውስጥ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች እንደ አንድ ሲቆጠሩ ይታያል። ከወንጀልነት ማውጣት ማለት ለግል መጠቀሚያ የሚበቃ አነስተኛ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው በወንጀል እንዳይከሰስ ማድረግ ሲሆን፣ ዕፁ ግን እንደተከለከለ ይቆያል፤ ፖሊስ የተያዘውን ይወርሳል፣ አምራቹና ሻጩም እንደ ቀድሞው ለፍርድ ይቀርባሉ። ሕጋዊ ማድረግ በአንጻሩ ማምረትንና መሸጥን ጭምር ፈቅዶ በግብር፣ በዕድሜ ገደብና በጥራት ቁጥጥር ሥር ማስገባት ነው። በመካከላቸው የሚወድቅ ሥርዓትም አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ ሁለት አውንስ ካናቢስ መያዝና ያለ ክፍያ ለሌላ አዋቂ መስጠት ሲፈቀድለት፣ መሸጥ ግን አልተፈቀደለትም። የፌዴራሉ ሕግ እንደ ቀድሞው ስለሚከለክል፣ በከተማው ሕግ የተፈቀደው ነገር የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል ስደተኞች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከወንጀልነት የማውጣቱ ዋነኛ ምሳሌ ፖርቱጋል ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውና በሐምሌ 2001 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለአንድ ሰው ከአሥር ቀን ፍጆታ የማይበልጥ ዕፅ መያዝን፣ ሄሮይንም ሆነ ካናቢስ፣ ከወንጀል ወደ አስተዳደራዊ ጥፋት አወረደው፤ ለሄሮይን መለኪያው አንድ ግራም፣ ለኮኬይን ሁለት ግራም፣ ለካናቢስ ቅጠል ደግሞ 25 ግራም ነበር። የተያዘው ሰው የሚቀርበው ፍርድ ቤት ሳይሆን ሦስት አባላት ወዳሉት፣ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ወደሚቀመጡበት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በቅድሚያ የሚመረምረው ሰውዬው ሱሰኛ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ሱሰኛ ያልሆነ ሰው የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ሲችል፣ በሱሰኛው ላይ ግን ገንዘብ አይጣልም፤ ሕክምና ለመጀመር ከተስማማም ጉዳዩ ታግዶ ይቆያል። የሕጉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ቅጣቱን ከማንሳቱ ይልቅ የተያዘውን ሰው ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን መንገድ መዘርጋቱ ይበልጣል።

ስለ ተጠቃሚዎች ቁጥር ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት የዚያችኑ አገር የሕዝብ ጥናት መሆኑ አስገራሚ ነው። ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉት ሰዎች ዘንድ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ የተከለከለ ዕፅ ቀምሶ የሚያውቀው በ2001 ከመቶ 7.8 ሲሆን፣ በ2007 ወደ 12 ከፍ ብሎ በ2012 ወደ 9.5 ወረደ። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የተጠቀመው ግን በእነዚሁ ዓመታት 3.4፣ 3.7 እና 2.7 ነበር። ተቃዋሚው የመጀመሪያውን መስመር እስከ 2007 ድረስ አንብቦ ያቆማል፤ ደጋፊው ሁለተኛውን ይዞ ይሄዳል። ይሁንና አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ተመልሶ ያልቀመሰ ሊሆን ስለማይችል፣ የመጀመሪያው መለኪያ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መውረዱ የሚናገረው ስለ ዕፁ ሳይሆን በአብዛኛው ስለ ጥናቱ ነው፦ ናሙናው ይለያያል፣ ተጠያቂውም አንዳንዴ ይደብቃል። ስለሆነም ለፖሊሲ ግምገማ የሚያገለግለው የአሥራ ሁለት ወሩ መለኪያ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን የተፈራው የተጠቃሚ ጎርፍ አለመምጣቱን ከማሳየት አልፎ መቀነሱ የሕጉ ውጤት መሆኑን አያረጋግጥም፤ በዚያው ዘመን የሜታዶን ሕክምናና የመርፌ ልውውጥ አገልግሎትም ተስፋፍቶ ነበርና።

ሕጋዊ ማድረግ ሲመጣ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ተጠቃሚውን የማብዛት የንግድ ፍላጎት ያለው ሻጭ ይፈጠራል። ካናዳ ካናቢስን ጥቅምት 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሕጋዊ ካደረገች በኋላ፣ ባለፈው ዓመት መጠቀማቸውን የተናገሩት ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በ2017 ከነበረው ከመቶ 15 በ2019 ወደ 21 አደጉ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ወጣቶች ላይ የታየው ለውጥ ግን በናሙና ልዩነት ሊገለጽ የሚችል ነበር። ጭማሪውን በሙሉ በሕጉ ላይ መጫን ደግሞ አይቻልም፤ ከሕጉ በፊት ከ2013 እስከ 2017 ድረስ ቁጥሩ ከ11 ወደ 15 እያደገ ነበር፣ እንዲሁም ክልከላው ሲነሳ እውነቱን የሚናገር ሰው ይበዛል። በሌላ በኩል የ2019ኙ ቁጥር ገና ያልጎለመሰ ገበያ መለኪያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ የመጀመሪያዎቹን የግል ሱቆች የከፈተችው በሚያዝያ 2019 ሲሆን፣ የሚበሉ የካናቢስ ምርቶች ለሽያጭ የቀረቡት ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።