ማመልከቻው የገባበት ቀን

መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚያስመጣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ለምሳሌ ይወሰድ። ጥቅምት 3 ቀን ከገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ስታገላብጥ በወጪ ከያዘቻቸው የትራንስፖርት ደረሰኞች ብዙዎቹ ውድቅ ተደርገዋል፤ ድርጅቱም ያላሰበው ተጨማሪ ግብር ተጥሎበታል። መቃወም ይችላል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ውሳኔው ከደረሰ በኋላ ለቅሬታ 21 ቀን ይሰጣል። ቅሬታው እስከ ጥቅምት 24 በጽሑፍ መግባት አለበት ማለት ነው።

ጽሑፉን ማዘጋጀት ከባድ ነው፤ ቢሮ ወስዶ መስጠት ግን ለብዙ ሰው የተላላኪ ሥራ ይመስለዋል። ብዙ መብት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደሚያውቀው ባለሙያ ጠረጴዛ ይሄዳል። ባለሙያው ሰላምታ ሰጥቶ ይቀበለዋል፤ «ሰሞኑን አየዋለሁ» ይለዋል። ከወር በኋላ ባለሙያው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ ወረቀቱ በማኅደሩ ውስጥ የለም፤ ቅሬታ መቅረቡን የሚያሳይ መዝገብም አይገኝም። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ቢሮው የሚያውቀው በመዝገቡ ያለውን ብቻ ነውና ለእሱ ቅሬታው አልቀረበም።

ትክክለኛው በር መዝገብ ቤት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አትማ፣ ሁለቱንም አስፈርማና የድርጅቱን ማኅተም አስመትታ ጥቅምት 18 ጠዋት ወደዚያ ትሄዳለች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ዋናውን ተቀብሎ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለኃላፊው ቀርቦ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል። እሷ ግን ያንን መጠበቅ የለባትም። ሁለተኛውን ቅጂ አቅርባ በላዩ ላይ እንዲፈረምላት ትጠይቃለች።

ያ ቅጂ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚወስነው የተጻፈበት ነገር ነው። ማኅተም ብቻውን ቀን አይናገርም፤ ፊርማ ብቻውን የማን እንደሆነ አይታወቅም። የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ፊርማው፣ ደብዳቤው የገባበት ቀን፣ የገቢ ቁጥሩና የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አንድ ላይ ሲገኙ ግን አከራካሪ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው። በተለይ የገቢ ቁጥሩ መዘንጋት የለበትም። ቅጂው በባለጉዳዩ እጅ ያለ ወረቀት ነውና ሊጠረጠር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ራሱ መሥሪያ ቤቱ ከያዘው መዝገብ ጋር ያገናኘዋል። ከአንድ ዓመት በኋላም «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር የገባውን ይመልከቱ» ማለት ይቻላል።

ሌላው ቀዳዳ አባሪው ነው። ማኅተሙ የሚያርፈው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲሆን ክርክሩን የሚወስኑት ግን ከኋላ የተያያዙት ደረሰኞች ናቸው። ቢሮው «ማመልከቻው ደርሶናል፤ ማስረጃ ግን አልተያያዘበትም» ቢል የታተመው ገጽ ምን ይመልሳል? ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደብዳቤው ግርጌ ላይ «አባሪ፦ የትራንስፖርት ደረሰኞች፣ 14 ገጽ» ብሎ መጻፍና ገጾቹን በተራ መቁጠር ነው። ተቀባዩ በዚያ ቅጂ ላይ ሲፈርም አባሪውንም አብሮ መቀበሉን ያረጋግጣል። ይህቺ አንድ መስመር ብዙ ጊዜ የምትረሳ ናት፤ ብትኖር የሚድነው ክርክር ብዛት ያሳዝናል።

አንዳንድ መዝገብ ቤት «ቅጂ ላይ አንፈርምም» ይላል። ያኔ ተጨቃጭቆ ደብዳቤውን ትቶ መውጣት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። መጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ እምቢታው የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሳይሆን የአንድ ሰው ልማድ ነው። ካልሆነ ፖስታ ቤት አለ።

በ1886 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ ከተራው ደብዳቤ ለይቶ የሚመዘግበውን ሰው ሪኮማንዴ ብሎ ያውቀዋል። ፖስታው በመስኮቱ ይመዘናል፤ ባርኮድ ያለበት ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ላኪው ደረሰኝ ይቀበላል። ቁጥሩ በዓለም አቀፉ የፖስታ አሠራር መሠረት የመጀመሪያቸው R በሆነ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ ዘጠኝ አኃዝ ይከተላል፤ በ ET ያበቃል። ተቀባዩ ሲረከብ ይፈርማል። የዚያን ፊርማ ማረጋገጫ የሚፈልግ ላኪ ግን በሚልክበት ሰዓት መጠየቅ አለበት፤ በእጁ ያለው ደረሰኝ መላኩን እንጂ መድረሱን አያሳይም።

ሪኮማንዴም ቢሆን ድክመት አለው። ደረሰኙ አንድ ፖስታ መላኩን ይመሰክራል፤ በውስጡ ምን እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ የደብዳቤው ወጪ ቁጥር ከፖስታው ውጭ፣ ከአድራሻው በታች ቢጻፍ፣ የባርኮዱ ቁጥር ደግሞ በድርጅቱ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቢሰፍር ሁለቱ ይያያዛሉ። ሌላው ደግሞ ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚገባው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ሣጥኑን እስኪከፍትና መጥሪያውን ይዞ እስኪረከብ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

የሚቆጠረው የተላከበት ቀን ነው ወይስ የደረሰበት? መልሱ እንደየሕጉ ይለያያል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት በአንድ አገር ውስጥ ያዩታል። የፌዴራል ግብር ማስታወቂያ በመጨረሻው ቀን በሰርቲፋይድ ፖስታ ቢላክና ደረሰኙ የዚያን ቀን የፖስታ ቤት ማኅተም ቢይዝ፣ ዘግይቶ ቢደርስም በጊዜው እንደገባ ይቆጠራል። የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ግን የሚቆጠረው ቢሮው በተቀበለበት ቀን ነው። አንዱን ለምዶ ሌላውን በዚያው ሒሳብ የላከ ሰው ቀን ያልፍበታል። ሕጉን በእርግጠኝነት የማያውቅ ባለጉዳይ የመድረሻውን ቀን እንደ ገደብ ይዞ ቀደም ብሎ ቢልክ ይሻለዋል። የመርካቶው ድርጅትም ስድስት ቀን ሲቀረው በእጅ ማስገባቱ ለዚህ ነው፤ መዝገብ ቤቱ እንኳ ቢያስቸግር ሌላ መንገድ ለመሞከር ጊዜ ይተርፈዋል።

ቀኑ ሌላም ሥራ አለው። በአዋጁ መሠረት ባለሥልጣኑ ቅሬታው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ግብር ከፋዩ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይችላል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ ሒሳቡ አያደክምም፤ በመካከል ጳጉሜን እስካልገባች ድረስ ስድስት ወር ነው። ጥቅምት 18 የገባው ቅሬታ ሚያዝያ 18 ላይ 180 ቀን ይሞላዋል፤ የይግባኙ በር እስከ ግንቦት 18 ይከፈታል። ድርጅቱ ዝም የተባለበትን ቅሬታ ይዞ ኮሚሽኑ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያስረዳው ቆጠራው ከየት እንደጀመረ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ፎቶ ኮፒ ከይግባኙ ጋር አያይዛ ዋናውን በፋይሏ ታስቀራለች።