በቅብብል ላይ የሚባክነው ደቂቃ

አራት ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በ20 ደቂቃ ሊያቀርቡ ነው እንበል። ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይመደባል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው ማይክሮፎኑን እስኪቀበል ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። እኔ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ተኩል ሰጥቼ 2ቱን ደቂቃ ለቅብብሉ አስቀምጥ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ሳያቋርጡ ይሁን። ሰዓቱን ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው ይያዝ። ሁለተኛዋ ተናጋሪ 6 ደቂቃ ከወሰደች አንድ ስላይድ ታውጣ እንጂ አትቸኩል።

በሁለተኛው ዙር ቅብብሉን ብቻ ይለማመዱ፦ የአንዱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የተከታዩን የመጀመሪያ። «አሁን ሰላም ትቀጥላለች» አይበቃም። «ውሃው ለምን እንደሚባክን አየን፤ ምን ያህል እንደሚባክን ደግሞ ሰላም ታሳየናለች» ሲባል ግን አድማጩ ክሩን አይለቅም።

ስላይዶቹን አንድ ሰው በአንድ ፋይል ይሰብስብና ሁሉንም በአንድ ገጽ አሳንሶ ይያቸው። የርዕሱ መጠን ወይም ቀለሙ የተለየው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የመጨረሻው ልምምድ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ የተጠቀሙበት የአማርኛ ፎንት እዚያ ካልተጫነ ጽሑፉ መልኩን ቀይሮ መስመሩን ሊያልፍ ይችላል።